ፎቶግራፉ መያያዙ በጆሮ እንዴት ይታወቃል?

አንድ ማየት የተሳነው የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ በመማሪያ ወረቀት ላይ የታተመ ባር ግራፍ ገጠመው። ጓደኛው ግራፉን በስልክ አንሥቶ graf3.jpg በሚል ስም በፍላሽ ዲስክ ሰጠው። ተማሪው ፎቶግራፉን በአንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ላይ አያይዞ፣ ባሮቹ ምን ምን እንደሚያሳዩ ሊጠይቅ ፈለገ። ለሚያይ ሰው ሥራው ሁለት ጊዜ ማውስ መጫን ብቻ ነው። ለእርሱ ግን ሁለት ጥያቄዎች ነበሩበት፤ ፋይል ማያያዣው አዝራር የት ነው? ፋይሉስ በእርግጥ ገብቷል? እኛም የኮምፒዩተሩን ስክሪን አጥፍተን ከጎኑ በመቀመጥ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጆሮ ተከታተልን።

ተማሪው የሚጠቀመው ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር ነው። ይህ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም በ2006 እ.ኤ.አ. ማይክል ከራን በተባለ አውስትራሊያዊ የተጀመረ ሲሆን፣ በስክሪኑ ላይ ያለውን ወደ ድምፅ ይለውጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ስክሪን ሪደር በድረ ገጽ ላይ የሚሠራው የስክሪኑን ሥዕል በመመልከት አይደለም። ብራውዘሩ ከገጹ ኮድ ተነሥቶ የሚያዘጋጀውን ዝርዝር ያነባል እንጂ። በዝርዝሩ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ስም፣ ዓይነትና ሁኔታ አለው። ስለዚህ አዝራሩ ላይ የተሣለው የወረቀት መያዣ ወይም የመደመር ምልክት ለጆሮ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው በኮዱ ውስጥ የተጻፈው ስም ነው። የሚከተሉት ሁለት አዝራሮች ለዐይን አንድ ዓይነት ናቸው፦

```html
<button><svg>...</svg></button>
<button aria-label="Attach file"><svg>...</svg></button>
```

ከመጀመሪያው የሚሰማው button የሚል ቃል ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን Attach file button ተብሎ ይነበባል።

ፕሮግራሙ በብራውዘር ሲከፈት ጠቋሚው በቀጥታ በመጻፊያው ሳጥን ውስጥ አረፈ። በዚህ ጊዜ የተጫኑት ፊደላት ሁሉ ይጻፋሉ። ፊደላቱ የፍለጋ ትእዛዝ እንዲሆኑ ተማሪው Insert እና Space ቁልፎችን አብሮ ተጫነ፤ ለውጡንም አንድ አጭር ድምፅ አበሠረው። ከዚህ በኋላ B ወደሚቀጥለው አዝራር፣ Shift እና B አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ ወደ ኋላ ወዳለው አዝራር ይወስዳሉ። ፍለጋውን ከገጹ ራስ አለመጀመሩን ልብ ይሏል። በገጹ ራስና ጎን የቀድሞ ውይይቶች ዝርዝር ከነአዝራሮቹ ተደርድሯል፤ ማያያዣው ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከመጻፊያው ሳጥን አጠገብ ነው።

ከሳጥኑ ወደ ፊት ሦስት አዝራሮች ተገኙ፤ አንድ ስም የለሽ፣ ቀጥሎ Dictate፣ በመጨረሻም Send ሲሆኑ፣ ከሳጥኑ በፊት ምንም አዝራር አልነበረም። ተማሪው ቁጥራቸውን በቃሉ ያዘ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናየዋለን። ስም የለሹን ከመጠርጠር በቀር አማራጭ ስላልነበረው Enter ሲጫን Open የሚል ርእስ ተሰማ። ይህ የዊንዶውስ የፋይል መምረጫ መስኮት ነው። በሌሎች ፕሮግራሞች አዝራሩ በቅድሚያ ምርጫዎችን ይዘረጋል፤ ስሙ ሲነበብ collapsed የሚል ቃል ከተከተለ ይህንኑ ያመለክታል፤ ከተዘረጋም በኋላ በቀስት ቁልፎች ፋይል ወደሚለው ምርጫ መውረድ ነው። የተሳሳተ ነገር ከተከፈተ Esc ይመልሳል።

በመምረጫው መስኮት ጠቋሚው File name በሚለው ሳጥን ላይ ስለሚያርፍ፣ በአቃፊዎች መካከል መዋለል አላስፈለገም። ተማሪው D:\graf3.jpg ብሎ ጻፈና Enter ተጫነ። ስሙን ቢሳሳት ኖሮ ዊንዶውስ ፋይሉ አልተገኘም የሚል መልእክት ሰጥቶ መስኮቱን ክፍት ይተወው ነበር። መስኮቱ ከተዘጋ ፋይሉ ተገኝቶ ተመርጧል ማለት ነው፤ ተያይዟል ማለት ግን አይደለም።

ከዚያ በኋላ የተሰማው የገጹ ርእስና የመጻፊያው ሳጥን ብቻ ነበር። ስለ ፎቶግራፉ አንድም ቃል አልተነገረም። በስክሪኑ ላይ ግን ትንሿ ምስል ከሳጥኑ በላይ ወጥታ ነበር።

ጸጥታው ከሁለት ምክንያቶች በአንዱ ይመጣል። አንደኛው፣ ንድፍ አውጪው ለውጡን በድምፅ የሚያሳውቅ ነገር ጨርሶ አለማዘጋጀቱ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ሁለት ነጥብ አንደኛ እትም፣ እንዲህ ያሉ የሁኔታ መልእክቶች ጠቋሚው ሳይሄድባቸው ለስክሪን ሪደር እንዲደርሱ ይጠይቃል። ይህም role="status" የተባለ ምልክት ባለው ቦታ ላይ ጽሑፍ በመጨመር ይፈጸማል። ሁለተኛው ምክንያት ረቀቅ ያለ ነው። መስኮት ሲዘጋ ስክሪን ሪደሩ የጀመረውን ንግግር አቋርጦ የተመለሰበትን ገጽ ርእስ ያነባል። ትንሽ ፎቶግራፍ በቅጽበት ስለሚጫን፣ ማስታወቂያው በዚያው ቅጽበት ወጥቶ ከርእሱ ጋር ተጋጭቶ ይጠፋል። ብራውዘሩ ራሱ የሚሰጠው ነባሩ የፋይል መምረጫ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ No file chosen ይል የነበረው አዝራር ከተመረጠ በኋላ የፋይሉን ስም ይናገራል። መልኩ አያምርም ተብሎ መደበቁ፣ በእኛ አስተያየት፣ ያስቆጫል።

እንግዲህ ማስታወቂያ ያልሰማ ሰው ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ተማሪው እንደገና Insert እና Space ተጭኖ፣ ከሳጥኑ ወደ ኋላ በ Shift እና B ሄደ። ቀድሞ ምንም ባልነበረበት ቦታ Remove file graf3.jpg የሚል አዝራር ተሰማ። አዝራሮቹን አስቀድሞ የቆጠረው ለዚህ ነበር። ሦስት የነበሩት አራት ሆነዋል፤ የሚወገድ ፋይል ሳይኖር ደግሞ ማስወገጃ አይመጣም። አዲሱ አዝራር ስም የለሽ ቢሆን እንኳ የቁጥሩ መጨመር ምልክት ይሆን ነበር። በነገራችን ላይ፣ የፋይሉ ስም በግእዝ ፊደል ከተጻፈና የንግግር ድምፁ ለእንግሊዝኛ ብቻ የተሠራ ከሆነ ስሙ በዝምታ ሊታለፍ ስለሚችል፣ ለዚህ ሥራ በላቲን ፊደል አጭር ስም መስጠት ይሻላል።

ቀጥሎ ወደ Send አዝራር ተሻገረ። ሳጥኑም ፋይሉም ባዶ ሳሉ አዝራሩ unavailable ይል ነበር፤ ፋይሉ ተጭኖ ሲያልቅ ይህ ቃል ቀረ። ይህ ፈተና የሚሠራው ጥያቄው ከመጻፉ በፊት ብቻ ነው፤ ጽሑፍ ከገባ አዝራሩ በጽሑፉ ምክንያት ይከፈታልና። ያለ ጽሑፍ መላክ በማይፈቅዱ ፕሮግራሞችም ምንም አያስረዳም። ማስወገጃው ጨርሶ ካልመጣ ደግሞ ፋይሉ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል። መጠኑ ከተፈቀደው በልጦ ወይም አይፎን ስልኮች የሚያስቀምጡት HEIC የተባለ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ፣ የስሕተት መልእክቱ ለጥቂት ሰኮንዶች ታይቶ ስለሚጠፋ ዘግይቶ የመጣ ጆሮ አያገኘውም።

ለመሆኑ ጥያቄውን ልኮ መልሱን መስማት አይበቃምን? አይበቃም። ፕሮግራሙ ያላየውን ምስል ከጥያቄው ቃላት ተነሥቶ ያየ መስሎ ሊገልጽ ይችላል። ስለ ቡና ወጪ ንግድ የሚያሳየውን ግራፍ ግለጽ ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ምስሉ ባይገባም ስለ ቡና ወጪ ንግድ ሊሰማ ይችላል። ተማሪው ለዚህ መላ አበጅቶ ነበር። ጓደኛው ፎቶግራፉን ከማንሣቱ በፊት በወረቀቱ ጥግ ላይ አንድ ቁጥር በእርሳስ እንዲጽፍና እንዳይነግረው አስቀድሞ ጠይቆታል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ግራፉ አንዳች ሳያነሣ በጥጉ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው የሚል ነበር። የተሳሳተ ቁጥር ቢመጣ የእጅ ጽሑፉ አልተነበበም ወይም ቁጥሩ በግምት የተሰጠ ነው ተብሎ ይጠረጠር ነበር። የመጣው ግን 47 ነው፤ ጓደኛውም ልክ ነው አለ። ተማሪው ስለ ባሮቹ መጠየቅ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነበር።