ሰዓቱን ትታችሁ ጫፉን እዩ

የጋራዥና የቶርኖ ቤት ዕቃ በስልክ ፎቶ መገበያየት ከተለመደ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ይሄ ምንድን ነው? ስሙስ ማን ይባላል?» ፎቶው ላይ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ መርፌ ያለው ክብ ሰዓት ነው። መልሱም ሳይውል ሳያድር ይመጣል፤ «ዳያል ጌጅ ነዋ!» ጨርሶ ሐሰት ነው አይባልም። ያንን ሰምቶ ብር የላከ ሰው ግን ያላሰበው ዕቃ ሊደርሰው ይችላል። ያ ሰዓት እኮ ካሊፐር ላይም፣ የሲሊንደር መለኪያ ላይም፣ የጥልቀት መለኪያ ላይም ይገጠማል። ሥራው ቁጥር ማሳየት ብቻ ነው። የመሣሪያውን ማንነት የሚናገረው ከሚለካው ብረት ጋር የሚገናኘው ጫፍ ነው። ስለዚህ ፎቶ ሲደርሳችሁ ዓይናችሁን መጀመሪያ ወደዚያ ላኩ።

ጫፉ መንጋጋ ከሆነ፣ ማለትም ረዘም ባለ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አንዱ ቆሞ ሌላው የሚንሸራተት ከሆነ፣ ካሊፐር ነው። በብዛት የምናገኘው ዓይነት ከታች ትልልቅ መንጋጋዎች አሉት፤ የብሎን ወይም የዘንግ ውፍረት በእነሱ መካከል ይያዛል። ከላይ ያሉት ትንንሾቹ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ከጭራው የምትወጣው ቀጭን ዘንግ ደግሞ ጥልቀት ትለካለች። በዚህ ላይ ክብ ሰዓት ቢታይ ዳያል ካሊፐር፣ የቁጥር ስክሪን ቢኖረው ዲጂታል ካሊፐር፣ በተንሸራታቹ ላይ የተጫሩ ጥቃቅን መስመሮች ብቻ ካሉት ቬርኒየር ካሊፐር ይባላል። ስሙ የሒሳብ ሰው ከነበረው ከፒየር ቬርኒየር የመጣ ነው፤ ይህን የመስመር ዘዴ በ1631 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ አሳትሞታል። ፎቶው ጥርት ያለ ከሆነ በተንሸራታቹ ላይ ያሉትን ክፍልፋዮች ቁጠሩ። 20 ከሆኑ መሣሪያው እስከ 0.05 ሚሊሜትር፣ 50 ከሆኑ እስከ 0.02 ሚሊሜትር ያነባል። ሻጩ የሚለውን ከመስማት ይህ ይሻላል።

ማይክሮሜትር ለመለየት አይከብድም። ጎበጥ ያለ ወፍራም ክፈፍ፣ በአንድ ጎኑ የማይንቀሳቀስ አጭር ጉብታ፣ በሌላው ጎን ደግሞ በጥርስ እየዞረ የሚጠጋ ዘንግ አለው። የሚያሳስተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መጠኑ ነው። ክፈፉ ላይ 0-25፣ 25-50፣ 50-75 ተብሎ ይጻፋል። ትልቁን የገዛ ትንሹንም የሚለካ ይመስለዋል፤ ግን ባለ 50-75 ማይክሮሜትር የ20 ሚሊሜትር ዘንግ ጨርሶ አይለካም። ሁለተኛው የሚዞረው በርሜል ላይ ያለው ክፍልፋይ ነው። የሚሊሜትሩ ብዙ ጊዜ 50 ክፍልፋይ አለው፤ አንድ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር ስለሚጓዝ አንዱ መስመር 0.01 ሚሊሜትር ይሆናል። 25 ብቻ ቆጥራችሁ ከሆነ በእጃችሁ ያለው ምናልባት የኢንች ማይክሮሜትር ነው፤ አንዱ መስመሩም የኢንች አንድ ሺህኛ ነው። እዚህም ቢሆን ጫፉን ማየት አይቀርም። ጠፍጣፋ ጫፍ ለተራው ሥራ ነው፤ የሾለ ጫፍ የብሎን ጥርስ ለመለካት፣ ሰፋ ያለ ሳህን መሰል ጫፍ ደግሞ የጊር ጥርስ ለመለካት ይውላል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ፎቶው ላይ ሰዓቱ ብቻውን ሆኖ ከሥሩ ቀጭን ዘንግ ወጥታ ከታየች፣ ያ በትክክል ዳያል ጌጅ ወይም ዳያል ኢንዲኬተር የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ የዕቃን ስፋት በራሱ አይነግርም። ማግኔት ባለው ማቆሚያ ላይ ታስሮ ዘንጉ የፍሬን ዲስክ ላይ ይደገፍና ዲስኩ ሲዞር መርፌዋ ምን ያህል እንደምትወዛወዝ ይታያል። ዲስኩ መጣመም አለመጣመሙ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ግን ፎቶው ይህን ቢያሳይስ? ሰዓቱ ከላይ፣ ከሥሩ ረጅም ቱቦ፣ በቱቦው ጫፍ ወደ ጎን የወጣች አጭር ጉብታና በተቃራኒዋ የተገጠመ ዘንግ፤ አጠገቡ ባለው ሣጥን ውስጥም በርዝመት የተለያዩ ትንንሽ ዘንጎች ተደርድረዋል። ከላይ ያለው ያው ዳያል ጌጅ ነው፤ ዕቃው በሙሉ ግን ቦር ጌጅ ይባላል፤ የሞተር ሲሊንደር ውስጡን የሚለካ ማለት ነው። በሣጥኑ ያሉት ዘንጎች እንደ ሲሊንደሩ ስፋት እየተመረጡ ይገጠማሉ። እነሱ ከጠፉ መሣሪያው ግማሽ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑ ያልታየበትን ፎቶ አትመኑ።

አጠቃቀሙን ያወቀ ለምን ማይክሮሜትርም እንደሚያስፈልገው ይገባዋል። ሲሊንደሩ አዲስ ሳለ 86.00 ሚሊሜትር ነበር እንበል። ማይክሮሜትሩ 86.00 ላይ ይቆለፋል፤ የቦር ጌጁ ጫፎች በመካከሉ ገብተው የሰዓቱ ዜሮ ወደ መርፌዋ ይዞራል። ከዚያ መሣሪያው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ይናጣል። መርፌዋ ወደ አንድ አቅጣጫ ስትሄድ ቆይታ ተመልሳ የምትዞርበት ነጥብ አለ፤ ትክክለኛው ንባብ እሱ ነው። ጀማሪን የሚያደናግረው፣ ሲሊንደሩ በሰፋ ቁጥር መርፌዋ ከዜሮ ወደ ግራ፣ ማለትም ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ መሄዷ ነው። ከላይ፣ የፒስተን ቀለበት ከሚደርስበት ጫፍ አካባቢ፣ ወደ ግራ 12 መስመር ሄደች፤ ከታች 3 መስመር። ሰዓቱ ላይ 0.01 ተጽፎ ከሆነ ሲሊንደሩ ከላይ 86.12፣ ከታች 86.03 ሆኗል ማለት ነው። የ0.09 ሚሊሜትር ልዩነት አለ፤ ሲሊንደር የሚበላው በብዛት ከላይ በኩል ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። መካኒኩ ቁጥሩን ከሞተሩ መመሪያ ጋር አስተያይቶ በቀለበት ይታለፋል ወይስ ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ የሚለውን ይወስናል። ዳያል ጌጅ ብቻ ገዝቶ የመጣ ሰው ይህን ሥራ መጀመር እንኳ አይችልም።

ፎቶ ስም ይነግራል፤ ትክክለኛነትን ግን አይነግርም። መስመርና መርፌ በሰያፍ ሲነሱ ያለ ቦታቸው ይታያሉ፤ ስለዚህ ከፎቶ ላይ ልክ ማንበብ አጉል ድፍረት ነው። ግን አንድ ነገር በፎቶም ቢሆን መጠየቅ ይቻላል። ሻጩ የካሊፐሩን መንጋጋዎች አጽድቶ ይዝጋና ወደ መስኮት አዙሮ ያንሳ። በመካከላቸው ብርሃን ከገባ መንጋጋው ተበልቷል ወይም ተጣሟል፤ ሁለቱ ዜሮዎች ካልተገጣጠሙም እንዲሁ ችግር አለ። ለ0-25 ማይክሮሜትርም ተዘግቶ ዜሮው በግልጽ የሚታይበት ፎቶ ይበቃል። ከ25 በላይ ላሉት ግን ልካቸው የታወቀ መፈተኛ ዘንግ አብሮ መታየት አለበት፤ ያለ እሱ ዜሮአቸውን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። እነዚህን ፎቶዎች አልልክም ካለ ሻጭ አትግዙ።