«ስትደርሺ ደውይ» ሳይሉ ቤት ማሳየት

አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳ ሲጠራ «ሚካኤል ጋ ስትደርሺ ደውይልኝ» ማለት የተለመደ ነው። እንግዳዋ ትደርሳለች፣ ትደውላለች፣ ባለቤቷ ግን ወጥ እያማሰለች ስልኩን አልሰማችውም። የቤት ቁጥርም ብዙ አያግዝም፤ በብዙ ሰፈሮች ቁጥሮቹ የመንገዱን ተራ አይከተሉም፣ ስለዚህ የ214 ጎረቤት 215 ላይሆን ይችላል። ያለው አማራጭ ሰው በእግሩ እየሄደ የሚያነበው መልእክት መጻፍ ነው።

ከደብረ ብርሃን ለሚመጡ አክስት የተጻፈ እንዲህ ያለ መልእክት እንይ። ሰፈሩ እውነተኛ ነው፤ ወፍጮ ቤቱንና በሩን ግን ለምሳሌ ያህል የጨመርናቸው ናቸው።

«እትዬ፣ እንኳን በደህና መጡ። 1. መገናኛ ላይ "ሲኤምሲ፣ አያት" እያለ የሚጠራውን ታክሲ ይያዙ፤ የኮተቤ ወይም የካራ እንዳይሆን። 2. ረዳቱን "ሲኤምሲ ሚካኤል ወራጅ ነኝ" ይበሉት። 3. ሲወርዱ ሐዲዱን አይሻገሩ። ጀርባዎን ለሐዲዱ ሰጥተው ይቁሙና ወደ ግራዎ ይሂዱ። 4. በቀኝዎ የሚያገኟቸውን በኮብልስቶን የተነጠፉ መግቢያዎች ይቁጠሩ፤ ሦስተኛው ጥግ ላይ ወፍጮ ቤት አለ። እዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፉ። 5. መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ዳገት ከሆነብዎ መግቢያው ሌላ ነው። 6. ትራንስፎርመር የተሰቀለበት ምሰሶ ትይዩ፣ በግራ በኩል ያለው አረንጓዴ የብረት በር የእኛ ነው። ድልድይ ካዩ አልፈውናል፤ ይመለሱ።»

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነው። «ስትወርጂ በቀኝ» የሚል ሰው እንግዳው ወዴት ዞሮ እንደቆመ አላሰበም። አንዱ ታክሲው ወደሚሄድበት ፊቱን ያዞራል፣ ሌላው ወደ መጣበት፤ የሁለቱ ቀኝ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ቀኝና ግራ ከመባሉ በፊት ሰውየውን አንድ ቦታ ማቆም ያስፈልጋል። ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ መሐል የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ስላለ ጀርባን ለሐዲድ መስጠት ማንም የማይሳሳተው ነገር ነው። ሐዲድ በሌለበት ሰፈር አስፋልቱ ራሱ ይህን ሥራ ይሠራል።

«ትንሽ ሄድ ብለው» የሚለውንም መልእክቱ ውስጥ አታገኙትም። የገጠር ሰው «እዚህ ጋ ናት» ያለውን መንገድ በእግሩ የሞከረ ከተሜ ይህን ያውቃል! ርቀትን ከመገመት የሚቆጠር ነገር መስጠት ይሻላል፤ የሚቆጠረውም ለዓይን የተለየ መሆን አለበት። «ሦስተኛው መታጠፊያ» ብቻ ከተባሉ የጋራዥ መግቢያውንም የሚቆጥሩ አሉ፤ «በኮብልስቶን የተነጠፈ» ሲባል ግን ጋራዡ ከቁጥር ይወጣል።

አቅጣጫ የሚጽፉ ሰዎች በብዛት የሚዘነጉት የማለፊያ ምልክትን ነው። መንገዱ የእኛ ስለሆነ እንግዳው ሊያልፈን እንደሚችል አይታየንም። ዳገቱና ድልድዩ መልእክቱ ውስጥ የገቡት ለዚህ ነው፤ አክስት ከተሳሳቱ ብዙ ሳይርቁ ራሳቸው ያውቁታል፣ ማንንም ሳይጠይቁም ይመለሳሉ። እንዲህ ያለውን ምልክት ቤት ቁጭ ብሎ ማስታወስ ያስቸግራል። ከታክሲው መውረጃ ተነስቶ፣ እንግዳው በሚመጣበት አቅጣጫ፣ ቤቱን አልፎ እስከ ቀጣዩ ልዩ ነገር ድረስ መሄድ ነው።

ምልክት ሲመረጥ ዕድሜውም ይታሰብ። የካፌ ስም በወር ይለወጣል፤ በኮሪደር ልማቱ ደግሞ በመንገድ ዳር የነበሩ ስንት ሱቆችና አጥሮች ፈርሰዋል፣ «ሰማያዊው ሱቅ ጋ» ቢባል ሱቁ ላይኖር ይችላል። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ድልድይ፣ ቁልቁለት ይቆያሉ። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ግን ሰፈሩ አብሮ ይጠራ፤ ከተማው ውስጥ ሚካኤል ብዙ ነው።

መልእክቱን በኤስኤምኤስ መላክ ኢንተርኔት ለሌለው ስልክ ይበጃል፤ ግን አንድ ነገር አለ። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው ክፍተትና ነጥብን ጨምሮ 70 ሆሄ ብቻ ነው፤ ረዘም ሲል ይቆራረጣል። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያገጣጥመዋል፣ አንዳንዴ ግን የኋላው ፊት ሊደርስ ይችላል። ዓረፍተ ነገሮቹ ቁጥር ቢኖራቸው አክስት ከአራተኛው ጀምረው ግራ አይጋቡም። ባትሪ ቢያልቅስ? መገናኛ ከመድረሳቸው በፊት በወረቀት ገልብጠው ቦርሳቸው ውስጥ እንዲይዙት መጠየቅ ነውር የለውም።

የሚመጡት ማታ ከሆነ መልእክቱ እንደገና ይጻፋል። በጨለማ የበሩ አረንጓዴነት አይለይም፣ ወፍጮ ቤቱም ተዘግቶ ጥግ ላይ ያለ ቆርቆሮ ብቻ ይሆናል። ያኔ ወፍጮ ቤቱን በመንገድ መብራት ወይም እስከ ምሽት በሚቆይ መድኃኒት ቤት ይተኩት፤ የበሩን መብራት ያብሩና «አምፖል የበራበት በር» ብለው ይጻፉ። መብራት ከጠፋ ደግሞ አንድ ልጅ ባትሪ ይዞ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይጠብቃቸው።