ድምፅን ወደ ላይ የሚያነሣው ማባዛት

የፎሪየር ትራንስፎርም አንድ ድምፅ ከየትኞቹ ድግግሞሾች እንደተሠራ፣ የእያንዳንዱ ጉልበትና መነሻ ማዕዘን ምን ያህል እንደሆነ ይነግረናል። ሬዲዮ የሚሠራው በሁለቱ ጠባዮቹ ነው።

የመጀመሪያው የድግግሞሽ ሽግግር ነው። አንድ ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ፊት ሲናገር በድምፁ ውስጥ 1 ኪሎኸርዝ የሆነ ቃና አለ እንበል። ጣቢያው ይህን ቃና በ1000 ኪሎኸርዝ ተሸካሚ ሞገድ ሲያባዛው፣ ቃናው በ999 እና በ1001 ኪሎኸርዝ ላይ በግማሽ በግማሽ መጠን ይወጣል። የቀሩት የድምፁ ክፍሎችም እንዲሁ ቅርጻቸውን ሳይለውጡ ከተሸካሚው ግራና ቀኝ ይሰፍራሉ። ተቀባዩ በዚያው ሞገድ እንደገና ካባዛቸው፣ ድምፁ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሁለተኛው የጊዜ ሽግግር ነው። ሞገድ ሲዘገይ የድግግሞሾቹ መጠን አይለወጥም፤ የሚዞረው ማዕዘናቸው ነው፤ ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥርም ዙሩ ይበዛል። ሬዲዮው ከማሰራጫው 75 ሜትር ቢርቅ ሞገዱ ሩብ ማይክሮሰከንድ ይዘገያል። በዚህ መዘግየት የ1 ኪሎኸርዙ ቃና 0.09 ዲግሪ ብቻ ሲዞር፣ ተሸካሚው ግን 90 ዲግሪ ይዞራል። ተቀባዩ መዘግየቱን ሳያስተካክል በራሱ ሞገድ ካባዛ፣ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ተጣፍተው ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል።

ለዚህ ነው የኤኤም ጣቢያዎች ተሸካሚውን ጭምር የሚያሰራጩት። አብሮ የተጓዘው ተሸካሚ እኩል ስለሚዘገይ፣ ርካሽ ሬዲዮ የሞገዱን ከፍታና ዝቅታ ብቻ ተከትሎ ድምፁን ያወጣል። የዚህ ቅለት ዋጋ ከማሰራጫው ኃይል አብዛኛው ወሬ በማይሸከመው ሞገድ ላይ መዋሉ ነው።