የሰበቃ ቀስት በመጨረሻ ይሣላል

አንድ አይሱዙ ዕቃ ሊጭን ቆሟል እንበል። የጭነት ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል። ጫኞቹ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ሸካራ ጣውላ አምጥተው አንዱን ጫፍ መሬት ላይ፣ ሌላውን የመኪናው ወለል ላይ አሳርፈዋል። ጣውላው መሃል ላይ 20 ኪሎ የሚመዝን የእንጨት ሳጥን አለ። ማንም አልያዘውም፣ ሆኖም አይንሸራተትም። ቁልቁለቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ከፍታው የጣውላው ርዝመት ግማሽ ስለሆነ ጣውላው ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው።

ሳጥኑን የያዘው ምንድን ነው? በምን ያህል ኃይል? ወደ መኪናው ለመግፋትስ ስንት ኃይል ይጠይቃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ተማሪዎች «ፍሪ ቦዲ ዳያግራም» ከሚሉት አነስተኛ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ እንጂ ሌላ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው።

ሳጥኑን ብቻውን ማውጣት

የመጀመሪያው ሥራ መኪናውን፣ ጣውላውንና መሬቱን ከሥዕሉ ማስወጣት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ሳጥኑ ብቻ ነው። ከዚያ ሳጥኑን የሚገፋ ወይም የሚስብ ነገር ሁሉ በአንድ ቀስት ይወከላል፤ የቀስቱ አቅጣጫ የኃይሉን አቅጣጫ፣ ርዝመቱ የኃይሉን መጠን ያሳያል። ሳጥኑ ሌላውን የሚጫንበት ኃይል እዚህ ሥዕል ውስጥ ቦታ የለውም። የምንሥለው ሳጥኑ ላይ የሚደርሰውን ብቻ ነው።

አንድ ቀስት ከመሣሉ በፊት «ይህን ኃይል የሚሰጠው ማነው?» ተብሎ ይጠየቅ። መልስ ከሌለው ቀስቱ አይሣልም። በእኛ ሳጥን ላይ ኃይል የሚያሳርፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ መሬትና ጣውላው። መሬት በስበቷ ወደ ታች ትስበዋለች። ይህ ክብደቱ ሲሆን ቀስቱ ምንጊዜም ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ጣውላው ቢያዘነብልም እሱ አያዘነብልም። መጠኑ ኪሎውን በ10 በማባዛት ይገኛል (ትክክለኛው ቁጥር 9.8 ገደማ ነው፤ ለስሌት እንዲቀል 10 እንያዝ)። ስለዚህ ክብደቱ 200 ኒውተን ነው።

ጣውላው ደግሞ ሳጥኑን በሁለት መንገድ ይነካዋል። አንደኛው ሳጥኑ ጣውላውን ሰርስሮ እንዳይወርድ የሚገፋው ነው፤ ይህ ቀስት ከጣውላው ገጽ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ ይወጣል። ተማሪዎች «ኖርማል ኃይል» ይሉታል። ሁለተኛው በጣውላው ገጽ አቅጣጫ የሚሠራው ሰበቃ ነው። ይህን ለጊዜው አንሣለው። ምን ያህል እንደሆነ አናውቅም፤ ወዴት እንደሚያመለክት እንኳ ገና አልታወቀም።

ክብደቱን ለሁለት መክፈል

አሁን ያሉን ሁለት ቀስቶች እርስ በርስ አይገጣጠሙም። አንዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሌላው አዘንብሎ ይወጣል። መፍትሔው ማስመሪያችንን ከጣውላው ጋር ማዘንበል ነው። አንዱን መስመር በጣውላው አቅጣጫ፣ ሌላውን ከእሱ ጋር 90 ዲግሪ አድርገን እናሰምራለን። ሳጥኑ ቢንቀሳቀስም የሚንቀሳቀሰው በጣውላው ላይ ስለሆነ እነዚህ መስመሮች ከሁሉ ይመቻሉ። እንግዲህ ወደ ሁለት መከፈል የሚያስፈልገው ክብደቱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ኃይሎች ቀድሞውኑ በመስመሮቹ ላይ ናቸው።

በጣውላው አቅጣጫ ቁልቁል የሚስበው ክፍል 200 × sin 30° = 100 ኒውተን ይሆናል። ሳጥኑን ጣውላው ላይ የሚጫነው ክፍል 200 × cos 30° = 173 ኒውተን ነው። ድምራቸው 273 መሆኑ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ሁለቱ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚሠሩ እንደ ገንዘብ አይደመሩም።

ሳይኑንና ኮሳይኑን ማቀያየር የተለመደ ስሕተት ነው። ስሕተቱን ለማወቅ ጣውላው መሬት ላይ ቢጋደም ምን እንደሚሆን መጠየቅ ይበቃል። ያኔ ማዕዘኑ ዜሮ ነው፤ ቁልቁል የሚስብ ኃይል ሊኖር አይችልም። የዜሮ ሳይን ዜሮ ስለሆነ ቁልቁል የሚስበው ክፍል የሳይኑ መሆን አለበት። ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት ክብደቱን ለሁለት ከከፈሉ በኋላ ሦስቱንም ቀስት ሥዕሉ ላይ መተው ነው። 100ውና 173ቱ ከ200ው የወጡ እንጂ ተጨማሪ ኃይሎች አይደሉም፤ ሰጪያቸውም ያችው መሬት ናት። ስለዚህ ክፍሎቹ በተቆራረጠ መስመር ይሣላሉ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቀስት ይሰረዛል።

ሳጥኑ ከጣውላው ተነሥቶ አይበርም፣ ጣውላው ውስጥም አይሰጥምም። ስለዚህ ኖርማሉ ኃይል ልክ 173 ኒውተን ነው። 200 አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ኖርማሉን ከክብደቱ ጋር እኩል ማድረግ የሚሠራው ጣውላው ሲጋደምና ሌላ የሚጫን ወይም የሚያነሣ ኃይል ሳይኖር ነው።

አሁን ሰበቃን እንሣል

በጣውላው አቅጣጫ የቀረው 100 ኒውተን ቁልቁል ይስባል። ሳጥኑ ግን ቆሟል። የቆመ ነገር ላይ የሚያርፉት ኃይሎች ተጣጥተው ዜሮ መሆን ስላለባቸው ሰበቃው ወደ ላይ 100 ኒውተን ነው። ይህን ያወቅነው ከሳጥኑ መቆም ነው፤ ስለ ጣውላው ሸካራነት ገና ምንም አልተናገርንም።

የሸካራነቱ ቁጥር የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ ጣውላው ቢበዛ እስከ ስንት ሊይዝ እንደሚችል። ቁጥሩን ለማግኘት ጣውላውን ቀስ እያሉ ማንሣት ይበቃል። ጫፉ ከመሬት 1.15 ሜትር ሲደርስ ሳጥኑ መንሸራተት ጀመረ እንበል። በዚያን ጊዜ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ጫፍ ትክክለኛ ሥር ድረስ መሬት ላይ ቢለካ 1.64 ሜትር ነው። 1.15ን ለ1.64 ስናካፍል 0.7 እናገኛለን። የሳጥኑ ኪሎ በስሌቱ ውስጥ አልገባም። ሳጥኑ ሲከብድ ቁልቁል የሚስበውም፣ የሚይዘውም እኩል ስለሚያድጉ ሙሉም ይሁን ባዶ መንሸራተት የሚጀምረው በዚያው ከፍታ ነው።

ወደ 30 ዲግሪው እንመለስ። ጣውላው ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ሰበቃ 0.7 × 173 = 121 ኒውተን ነው። የሚፈለግበት 100 ስለሆነ 100ውን ብቻ ይሰጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ 121 ብሎ ይሥላል። እንዲህ ከሆነ ግን ሳጥኑን ሽቅብ የሚገፋ ትርፍ 21 ኒውተን ይኖራል፤ ሳጥኑም ማንም ሳይነካው ዳገቱን መውጣት ይኖርበታል። ሥዕሉ እንዲህ ያለ ነገር ከነገረን የሰበቃው ቀስት ረዝሟል ማለት ነው።

ሲነካ ምን ይሆናል?

አንድ ጫኝ በእግሩ ሳጥኑን ቁልቁል ገፋ ቢያደርገውስ? መንሸራተት የጀመረ ነገር ከቆመው ያነሰ ሰበቃ ያገኛል። የእኛ ጣውላ ለሚንሸራተት ሳጥን ያለው ቁጥር 0.5 ነው እንበል። አሁን ሰበቃው በእርግጥ የቁጥሩና የኖርማሉ ብዜት ነው፤ 0.5 × 173 = 87 ኒውተን ገደማ። ይህ ከ100 ያንሳል። ስለዚህ ከተነካ በኋላ ሳጥኑ አይቆምም፤ 13 ኒውተን ትርፍ ኃይል ይስበዋል። 13ን ለ20 ኪሎ ስናካፍል ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ0.65 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ይወርዳል። ለብቻው ሲተው ጸጥ ብሎ የተቀመጠው ሳጥን በአንድ ትንሽ ንክኪ እግር ላይ የሚወርደው ለዚህ ነው። ቆሞ መታየቱ ለደኅንነት ዋስትና አይሆንም።

አሁን ደግሞ ጫኙ ከታች ሆኖ በጣውላው አቅጣጫ ሽቅብ ይግፋው። ሥዕሉ ላይ አዲስ ቀስት፣ አዲስም ሰጪ ገባ፤ የጫኙ እጅ። 40 ኒውተን ቢገፋ ሰበቃው ወደ 60 ዝቅ ይላል፤ ሳጥኑ ግን አይነቃነቅም። 100 ቢገፋ ሰበቃው ዜሮ ይሆናል፤ የሰበቃ ቀስት ከሥዕሉ ይጠፋል። 150 ቢገፋ ሰበቃው ዞሮ 50 ኒውተን ቁልቁል ይሆናል፤ ሳጥኑ ወደ ላይ እንዳይሄድ የሚከለክለው አሁን ያው ሰበቃ ነው። «ሰበቃ ምንጊዜም ሽቅብ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሰበቃ የሚቃወመው በተነካኩት ገጾች መካከል ሊፈጠር ያለውን መንሸራተት ነው፤ እሱን ለማወቅ ደግሞ የቀሩት ቀስቶች አስቀድመው መሣል አለባቸው።

ሳጥኑ ሽቅብ የሚነሣው ግፊቱ 100ውን የክብደት ክፍልና 121ዱን ከፍተኛ ሰበቃ ሲያልፍ ነው፤ ማለትም ከ221 ኒውተን በላይ። ከተነሣ በኋላ 187 ይበቃዋል። ሳጥኑን እጅ ለእጅ ተቀባብሎ ለማንሣት የሚጠይቀው ግን 200 ነበር። በዚህ ሸካራ ጣውላ ላይ ሳጥኑን ማስነሣት ቀጥታ ከማንሣት ይከብዳል ማለት ነው። ጣውላው የሚጠቅመው ሰበቃው ሲቀንስ ነው፤ ከሳጥኑ ሥር ድቡልቡል ቱቦ ሲደረግ መንሸራተቱ ወደ መንከባለል ይለወጥና የሚገፋው ኃይል ወደ 100 ይጠጋል።

ሥዕሉ የማያሳየው

እስካሁን ቀስቶቹን ሁሉ ከሳጥኑ መሃል አስነሥተናል። ለአጭርና ሰፊ ሳጥን ይህ በቂ ነው። ለረጅም ዕቃ ግን ኃይሉ የት ቦታ እንዳረፈ መቁጠር ያስፈልጋል። ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ በጣውላው አቅጣጫ ወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባዶ ቁም ሳጥን ያንኑ ጣውላ ላይ ቆሞ ቢጫን የክብደቱ ቀስት የሚነሣው ከመሃሉ፣ ከወለሉ 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ቀስቱ ከወለሉ ጠርዝ የሚያልፈው የጣውላው ከፍታ ከመሬት ላይ ርቀቱ 30 ለ75፣ ማለትም 0.4 እጅ ሲበልጥ ነው፤ ይህም 22 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የእኛ ጣውላ 30 ላይ ነው። ቁም ሳጥኑ ሳይንሸራተት ይገለበጣል። በነጥብ የተሣለው ሥዕል ስለ መንሸራተት የሰጠው መልስ ትክክል ቢሆንም ስለ መገልበጥ አልተጠየቀም፤ ለዚህ ዕቃው በልኩ ተሥሎ እያንዳንዱ ቀስት ካረፈበት ቦታ መነሣት አለበት። ጫኞች እንዲህ ያለውን ዕቃ አጋድመው የሚያወጡትም መሃሉ ወደ ጣውላው እንዲቀርብ ነው።