እቁብተኛ ሲያቋርጥ ጉድለቱን ማን ይሸፍናል?

እቁብተኛ መዋጮውን ሲያቋርጥ በቅድሚያ የሚጣራው ዕጣው ወጥቶለት እንደሆነ ነው።

በጥሊሊ ከተማ 20 ነጋዴዎች በየሳምንቱ 500 ብር ይጥላሉ እንበል፤ ዕጣው 10 ሺህ ብር ይሆናል። አንዱ አባል ዘጠኝ ሳምንት ከፍሎ አቋረጠ፤ ያስገባው 4 ሺህ 500 ብር ነው።

ዕጣው ያልወጣለት ከሆነ ሒሳቡ በራሱ ይዘጋል። ተራ የሚጠብቁት ሌሎች 10 አባላት እያንዳንዳቸው 500 ብር የጎደለው ዕጣ ይወስዳሉ። የእርሱ ተራ ወደ መጨረሻው ሳምንት ይዛወራል፤ በዚያን ዕለት ከሚሰበሰበው 9 ሺህ 500 ብር 5 ሺህ ብሩ የ10ሩን ጉድለት ያካክሳል፣ 4 ሺህ 500 ብሩ ለእርሱ ይመለሳል።

ዕጣውን ወስዶ ከሆነ ግን የ5 ሺህ 500 ብር ባለዕዳ ነው። የእቁቡ ዳኛ ምክንያቱን ጠይቆ ቀነ ገደብ ይሰጠዋል፤ ካልከፈለ ዋሱ ይጠራል። ዋሱም እንቢ ካለ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ያመራል።

ፍርድ ቤት ሲደረስ የቃል ዋስትና አያዋጣም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በቁጥር 1922 መሠረትም ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ገንዘቡ ለባለዕጣው ከመሰጠቱ በፊት መጠኑ ተጽፎ ዋሱ ሊፈርም ይገባል።