ምልክቱ ሲነሳ የማይረጋ ድምር

ከአንድ ይነሱና ግማሽ ይቀንሱ። ሲሶ ይጨምሩ፣ ሩብ ይቀንሱ፣ አንድ አምስተኛ ይጨምሩ፣ አንድ ስድስተኛ ይቀንሱ። እንዲህ አንዴ እየጨመሩ አንዴ እየቀነሱ ያለማቋረጥ ቢቀጥሉ የት ይደርሳሉ? በወረቀት ላይ ለሚሞክረው ሰው ውጤቱ በተራ 1፣ 0.5፣ 0.833፣ 0.583፣ 0.783፣ 0.617 እያለ ይወጣል ይወርዳል። መወዛወዙ ግን በየጊዜው እየጠበበ ይሄዳል። መጨረሻ የሌለው ይህ ጉዞ የሚያነጣጥረው 0.6931 ገደማ ላይ ነው፤ ይህም የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው።

ድምሩ ለምን እንደሚረጋ ማየት ከባድ አይደለም። የሚቀነሰው ሁልጊዜ ቀደም ሲል ከተጨመረው ያንሳል፣ ቀጥሎ የሚጨመረውም ከተቀነሰው ያንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው እርምጃ ክልል አይወጣም፤ ክልሉም ወደ ዜሮ ይጠባል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው ሌብኒዝ ለዚህ ዓይነቱ ድምር ያስቀመጠው መስፈርት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። መስፈርቱ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ምልክቶቹ አንዴ መደመር አንዴ መቀነስ እየሆኑ ይፈራረቁ፣ ተደማሪዎቹ ያለማቋረጥ ይነሱ፣ በመጨረሻም ወደ ዜሮ ይጠጉ።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ተማሪዎች ምልክቱ መፈራረቁንና ተደማሪው ወደ ዜሮ መሄዱን ያዩና “ይረጋል” ብለው ያልፋሉ። አሁን 1 ጨምረን 1 እንቀንስ፣ ግማሽ ጨምረን ሩብ እንቀንስ፣ ሲሶ ጨምረን አንድ ዘጠነኛ እንቀንስ፣ ሩብ ጨምረን አንድ አሥራ ስድስተኛ እንቀንስ። ምልክቱ ይፈራረቃል፣ ተደማሪዎቹም ወደ ዜሮ ይሄዳሉ። ነገር ግን ከአንድ ዘጠነኛ ቀጥሎ የሚመጣው ሩብ ስለሆነ ማነሱ አልተጠበቀም። የሚቀነሱት በሙሉ ቢደመሩ 1.645 አይሞሉም፤ የሚጨመሩት ግን፣ ወዲያው እንደምናየው፣ ወሰን የላቸውም። ስለዚህ ድምሩ ሳይረጋ ወደ ላይ ይሄዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ድምር እንመለስና የመቀነስ ምልክቶቹን በሙሉ እናንሳ። 1 ሲደመር ግማሽ፣ ሲደመር ሲሶ፣ ሲደመር ሩብ፣ እያለ ይቀጥላል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም የዚህን ድምር ጠባይ በሚያስደንቅ ቅለት አሳየ። ሲሶና ሩብ ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ከሩብ አያንሱም። ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ ስምንተኛ ያሉት አራቱም እያንዳንዳቸው ከአንድ ስምንተኛ ስለማያንሱ አብረው ከግማሽ ይበልጣሉ። ቀጣዮቹ ስምንትም፣ ከዚያም አሥራ ስድስቱም እንዲሁ ናቸው። ግማሽ በግማሽ ላይ ያለማቋረጥ ከተደረበ ምንም ወሰን አይገታውም።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። ምልክቶቹ ተነስተው ሁሉም ተደማሪ በፍጹም ዋጋው ሲወሰድም ድምሩ የሚረጋ ከሆነ፣ መርጋቱ አብሶሉት ኮንቨርጀንስ ይባላል። ድምሩ የሚረጋው ምልክቶቹ እስካሉ ድረስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኮንዲሽናል ኮንቨርጀንስ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የሚረጋው ተደማሪዎቹ ራሳቸው በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ነው። ሁለተኛው የሚረጋው የሚጨመረውና የሚቀነሰው እርስ በርስ ስለሚጣፉ ነው። ግማሽን፣ ሲሶንና ሩብን በየራሳቸው ብናባዛና 1 − 1/4 + 1/9 − 1/16 እያልን ብንቀጥል፣ ምልክቶቹ ቢነሱም ድምሩ 1.645 ገደማ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ይህ አብሶሉት ነው፤ የመጀመሪያው ግን ኮንዲሽናል ነው።

እስካሁን ያየናቸው ሁለት ምሳሌዎች በማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይገኛሉ። ጉዳዩ የሚከብደው በሁለቱ መካከል ያለው ሲመጣ ነው። ለምሳሌ n ከ2 ጀምሮ ሲቆጠር ተደማሪው 1/(n ln n) የሆነውን እንውሰድ። ln n የ n ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው፣ የሚያድገውም እጅግ በዝግታ ነው፤ n ሚሊዮን ሲደርስ እንኳ ገና 13.8 ነው። ተደማሪዎቹ 0.721፣ 0.303፣ 0.180፣ 0.124 እያሉ ያንሳሉ። ምልክታቸው ሲፈራረቅ የሌብኒዝ መስፈርት ይሟላል፣ ድምሩም 0.526 ገደማ ላይ ይረጋል። ጥያቄው ምልክቱ ሲነሳስ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያነሱት መሣሪያ የሬሾ ፈተና ነው፤ አንዱን ተደማሪ ከሱ በፊት ላለው ማካፈል። እዚህ ግን ውጤቱ ወደ 1 ይሄዳል፣ 1 ሲሆን ደግሞ ፈተናው ምንም አይነግረንም። በዝግታ በሚያንሱ ተደማሪዎች ላይ ይህ ፈተና ሁልጊዜ እንዲህ ስለሚሆን ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥሎ የሚሞከረው ማነጻጸር ነው። ተደማሪያችን ከ n = 3 ጀምሮ ከ 1/n ያንሳል፤ የ 1/n ድምር ግን ወሰን የለውም፣ ወሰን ከሌለው ማነስ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። ከ 1/n² ጋር ብናስተያየው ይበልጣል፤ ከሚረጋ መብለጥም ምንም አያረጋግጥም። ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው፦ “ከ 1/n ስለሚያንስ ይረጋል” ወይም “ከ 1/n ጋር ስለሚመሳሰል አይረጋም” ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ማስረጃ አይደሉም።

ታዲያ በኮምፒውተር ቢደመርስ? ምልክቱን አንስተን እስከ ሚሊዮን ድረስ ብንደምር 3.42 ገደማ እናገኛለን። እስከ ሚሊዮን ሚሊዮን ብንደርስ ደግሞ 4.11 ገደማ ይሆናል። ማለትም ሚሊዮን እጥፍ ሥራ ተሠርቶ የተጨመረው ከ0.7 በታች ነው። ድምሩ 10 እንዲደርስ መቆም ያለብን ከ4,300 በላይ አሃዝ ባለው ቁጥር ላይ ነው፣ ያን ያህል ተደማሪ የሚደምር ማሽን ደግሞ አይኖርም። ስክሪኑን የሚመለከት ሰው “ረግቷል” ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ተሳስቷል።

እውነቱን የሚያወጣው የኦሬም ሐሳብ ራሱ ነው። ፈረንሳዊው ኮሺ ሐሳቡን አስፍቶ በ1821 ባሳተመው የትንተና መጽሐፍ ውስጥ አጠቃላይ ፈተና አድርጎታል። ተደማሪዎቹን በምድብ እንከፋፍል፣ እያንዳንዱም ምድብ የቀደመውን እጥፍ ይያዝ። ከ5 እስከ 8 ያሉት አራት ናቸው። ከነሱ ትንሹ የመጨረሻው፣ 1/(8 ln 8) ነው። ln 8 የ ln 2 ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ አራቱ ተደምረው ቢያንስ 4/(8 × 3 ln 2) ይሆናሉ፤ ይህም 0.72 ለ3 ሲካፈል ማለት ነው። ከ9 እስከ 16 ያሉት ስምንትም በተመሳሳይ ስሌት ቢያንስ 0.72 ለ4 ሲካፈል ይሆናሉ፣ ቀጣዮቹ አሥራ ስድስት ደግሞ 0.72 ለ5 ሲካፈል። የምድቦቹን ታች ወሰን ስንሰበስብ 0.72 በሲሶ፣ በሩብ፣ በአንድ አምስተኛ እየተባዛ ሲደመር እናገኛለን። ይህ ያ ወሰን የሌለው የመጀመሪያው ድምር ነው። ስለዚህ የ 1/(n ln n) ድምር ያለ ምልክት አይረጋም፣ ከምልክቱ ጋር ሲረጋም ኮንዲሽናል ብቻ ነው።

አሁን አንዲት ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ሎጋሪዝሙን በራሱ እናባዛ። ተደማሪው 1/(n (ln n)²) ይሆናል። ምድቦቹን ከላይ በኩል ስንገድባቸው፣ ከ4 እስከ 7 ያሉት አራቱ እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው፣ ከ 1/(4 (ln 4)²)፣ አይበልጡም። ln 4 የ ln 2 እጥፍ ስለሆነ የአራቱ ድምር ከ 1/(2 ln 2)² አይበልጥም። ከ8 እስከ 15 ያሉት ስምንት ደግሞ ከ 1/(3 ln 2)² አይበልጡም። የላይኛው ወሰን እንግዲህ የሩብ፣ የአንድ ዘጠነኛ፣ የአንድ አሥራ ስድስተኛ ድምር ነው፣ በማይለወጥ ቁጥር ተባዝቶ። ያ ደግሞ እንደሚረጋ አይተናል። ይህኛው አብሶሉት ነው። በኮምፒውተር እስከ ሚሊዮን ሲደመር 2.04፣ እስከ ሚሊዮን ሚሊዮን ሲደመር 2.07 ገደማ ይሰጣል። የሁለቱንም ቁጥሮች ዘገምተኛ አካሄድ ለሚያይ ሰው አንዱ የሚቆም ሌላው የማይቆም መሆኑን የሚነግረው ነገር ስክሪኑ ላይ የለም፤ የሚነግረው የምድቦቹ ስሌት ብቻ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ዲሪክሌ በ1837 የኮንዲሽናል ድምር ተደማሪዎች ቅደም ተከተል ሲቀየር ውጤቱም ሊቀየር እንደሚችል አስተዋለ። ሪማን ደግሞ በ1854 ባቀረበው ጽሑፍ ነገሩን እስከ ጫፉ ወሰደው፦ ኮንዲሽናል ድምር በተደማሪዎቹ ላይ ምንም ሳይጨመርና ሳይጣል፣ ተራቸው ብቻ ተቀይሮ፣ የፈለግነውን ቁጥር እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል።

በመጀመሪያው ድምር እንሞክረው፤ 0.6931 መሆኑን ትተን 1.5 እንዲሆን እንፈልግ። የሚጨመሩትን በተራ እንውሰድ፦ 1፣ ሲሶ፣ አንድ አምስተኛ፤ 1.533 ደርሰን አለፍን። አሁን ግማሽ እንቀንስ፤ 1.033 ሆነ። እንደገና አንድ ሰባተኛ፣ አንድ ዘጠነኛ፣ አንድ አሥራ አንደኛ፣ አንድ አሥራ ሦስተኛ፣ አንድ አሥራ አምስተኛ ስንጨምር 1.522 ላይ ደግሞ እናልፋለን። ሩብ እንቀንስ፤ 1.272። እንዲሁ ባለፍን ቁጥር አንድ እየቀነስን፣ ባነሰን ቁጥር እየጨመርን እንቀጥላለን። የምናልፈው መጠን በመጨረሻ ከነካነው ተደማሪ አይበልጥም፣ ተደማሪዎቹ ደግሞ ወደ ዜሮ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ድምሩ 1.5 ላይ ይረጋል። የሚጨመረው እንዳያልቅብን መስጋት አያስፈልግም፣ ምክንያቱም የሚጨመሩት ለብቻቸው ወሰን የላቸውም፣ የሚቀነሱትም እንዲሁ።

ይኸው ሥራ በ 1 − 1/4 + 1/9 − 1/16 ላይ ቢሞከር ገና ከመጀመሪያው ይሰናከላል። የሚጨመሩት ሁሉ፣ 1፣ አንድ ዘጠነኛ፣ አንድ ሃያ አምስተኛ እየተባሉ አንዱም ሳይቀር ቢደመሩ 1.234 ገደማ ላይ ይቆማሉ፤ አንድም ነገር ሳይቀነስ 1.5 አይደረስም። ሌላ ቅርብ ቁጥር ብንመርጥም አይሳካም፤ በየትኛውም ተራ ቢደመር ውጤቱ ያው 0.822 ገደማ ነው።