ሦስት ቆንጠጣና አንድ መቶኛ

ጂም ውስጥ አሰልጣኙ ደረትን፣ ሆድንና ጭንን እየቆነጠጠ በካሊፐር ይለካና ወረቀቱ ላይ «የሰውነት ስብ 15.1 በመቶ» ብሎ ይጽፋል። ከነጥብ በኋላ ያለችው አንዲት አሃዝ ውጤቱን እጅግ የተጣራ ታስመስለዋለች። ካሊፐሩ ግን መቶኛ አያውቅም። የሚለካው በጣት የተነሣን የቆዳ እጥፋት ውፍረት ብቻ ነው፤ ድርብ ቆዳና በመካከሉ ያለውን ስብ፣ በሚሊ ሜትር። መቶኛውን የሚያወጣው ቀመር ነው።

ለወንዶች በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ጃክሰንና ፖሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ነው። ሰዎችን ውኃ ውስጥ እየመዘኑ የሰውነታቸውን እፍጋት ካወቁ በኋላ፣ እሱን ከእጥፋቶቹ ድምርና ከዕድሜ ጋር አዛመዱት። ስለዚህ ውጤቱ ግምት ነው። ለካው በደንብ የሠለጠነ ቢሆን እንኳ ከእውነተኛው መጠን በሦስት ወይም በአራት መቶኛ ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ቀመሩ ከተሠራባቸው ሰዎች በአካል አቋም ለሚለይ ሰው ስሕተቱ ሊሰፋም ይችላል። የለኪው እጅም የራሱን ስሕተት ይጨምራል።

አንድ የ30 ዓመት ወንድ እንውሰድ። ደረቱ 12፣ ሆዱ 22፣ ጭኑ 16 ሚሊ ሜትር ቢሆን ድምሩ 50 ነው፤ በቀመሩ ሲሰላ 15.1 በመቶ ይሆናል። ድምሩ ወደ 55 ከፍ ቢል 16.5፣ 60 ቢደርስ ደግሞ 17.9 በመቶ ይወጣል። ሰውየው አንድ ግራም ስብ ሳይጨምር ይህን ያህል ልዩነት ሊመጣ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም መነሻው ሆድ ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዚህ ቀመር የሆድ እጥፋት የሚነሣው ከእምብርት በስተቀኝ 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከላይ ወደ ታች በቆመ አቅጣጫ ነው። ሌላ የታወቀ መመሪያ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሄዶ እጥፋቱን አግድም ያነሣል። ሦስተኛው 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ በቁም ይቆነጥጣል። ሦስቱም «ሆድ» ይባላሉ፤ የስቡ ውፍረት ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱን መመሪያ ተከትሎ ለክቶ የሌላውን ቀመር መጠቀም፣ እጅ ምንም ሳይሳሳት የተሳሳተ መልስ ያመጣል። ለሴቶች በሚለካው ከዳሌ አጥንት በላይ ባለው ቦታም ተመሳሳይ ችግር አለ። በዐይን ግምት ከሚሠራ ለኪ ይልቅ ሜትርና እስክሪብቶ ይዞ ቦታውን የሚያመለክተውን አምናለሁ።

ቀጥሎ ቆንጠጣው አለ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከምልክቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው እጥፋቱን ከጡንቻው ለይተው ያነሡታል። ጡንቻ አብሮ መያዙ ካጠራጠረ፣ ተለኪው ጡንቻውን እንዲያጠብቀው ሲጠየቅ ከጣቶቹ መሃል ሲያመልጥ ይታወቃል። የካሊፐሩ መንጋጋ ምልክቱ ላይ፣ በእጥፋቱ ጫፍና ሥር መካከል፣ ለእጥፋቱ ቀጥ ብሎ ያርፋል። ወደ ጫፉ ከሸሸ ቁጥሩ ያንሳል፤ ወደ ሥሩ ከጠለቀ ይበዛል። ጣቶቹ እስኪነበብ ድረስ እጥፋቱን አይለቁም፤ የካሊፐሩ እጀታ ግን ሙሉ በሙሉ መለቀቅ አለበት፣ አለዚያ የስፕሪንጉ ግፊት እጥፋቱ ላይ አያርፍም።

ከዚያ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ማንበብ ነው። ብዙዎች መርፌዋ እስክትረጋ ይጠብቃሉ፤ ይህ ትክክል ይመስላል፣ ግን ስቡ ከግፊቱ ሥር እየተጨመቀ ስለሚሄድ ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። ጥሩ ካሊፐሮች በማንኛውም ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር 10 ግራም ያህል ግፊት እንዲሰጡ የተሠሩ ናቸው። ርካሽ የፕላስቲክ ካሊፐር ግን ግፊቱ ከሰው እጅ ሊመጣ ይችላል፤ ጠንከር ብሎ የያዘ ሰው ቀጭን ስብ ያገኛል።

ከስፖርት በኋላ ወዲያው መለካትም አይገባም፤ ወደ ቆዳ የሚፈስሰው ደም እጥፋቱን ያወፍረዋል። ቅባት የተቀባ ቆዳ ደግሞ ከጣት ያንሸራትታል።

ለእኔ ከመቶኛው ይልቅ የሚያስተማምነው የሚሊ ሜትሩ ድምር ነው፤ ቢያንስ የሌላ ሰው ቀመር ስሕተት አልተጨመረበትም። ሦስቱን ቦታዎች በየተራ ለክቶ እንደገና ከመጀመሪያው መዞር ይሻላል፤ ያንኑ ቦታ ወዲያው ደጋግሞ ቢቆነጥጡት የተጨመቀው ስብ ገና አይመለስም። ሁለቱ ንባቦች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተራራቁ ሦስተኛ ይለካል። ያው ለኪ፣ በያው ካሊፐር፣ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ለክቶ ድምሩ 50 እና 53 ከመጣለት፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚያገኘው 48 ስለ ስብ መቀነስ ገና ምንም አይነግረውም፤ 40 ካገኘ ግን ሰውየው በእርግጥ ቀንሷል።